የእትዬ ይታክቱ ጣሪያና የጋሽ ደረበ ቃጭል

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጆሮዬ እንጂ ድምፄ አልደከመም፣ ግን ስትቀርቡኝ ደስ ይለኛል። የማወራላችሁን አገር ስሙን አትጠይቁኝ። እዚያ ስኖር ስሙን የሚጠራ ሰው አልገጠመኝም፤ ሁሉም «እዚህ» ነበር የሚለው። እኔም እዚህ እያልኩ ኖርኩ።

በዚያ አገር ሥራዬ ቃጭል መስማት ነበር። አትሳቁ፤ የተከበረ ሥራ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ለሌላው ውለታ ሲውል፣ ውለታ የተዋለለት ሰው አንገት ላይ ቃጭል ያስርበታል። አዎ፣ ከብት አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ቃጭል። ውለታውን እስኪመልስ ድረስ ሲበላም ሲሄድም እየተንቃጨለ ይኖራል። የእያንዳንዱ ቤት ቃጭል የራሱ ድምፅ አለው፤ የአንዱ ቀጭን፣ የሌላው ወፍራም፣ የሌላው ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሰው የታፈነ። እኔ መንደሩ መግቢያ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን እሰማና «የእገሌ ውለታ አለብህ፣ አልረሳህም አይደል?» እላለሁ። ሰውየው «እንዴት እረሳለሁ፣ አንገቴን እያሳከከኝ!» ይለኛል። ያልፋል። ይኸው ነው ሥራዬ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ውለታ ሲመለስ ትንሽ ጨመር ተደርጎ መመለስ አለበት የሚል ደንብ ነበር፤ ልክ በልኩ መመለስ ንፉግነት ነው ተብሎ። ያቺ ጭማሪ ደግሞ ራሷ ውለታ ሆና ትቆጠራለች። ስለዚህ ቃጭሉ ከአንዱ አንገት ወልቆ ወደ ሌላው አንገት ይዞራል እንጂ አያርፍም። በአንድ ጭልፋ ጨው የጀመሩ ሁለት ጎረቤታሞች አውቃለሁ። ጨው ያበደረችው በርበሬ ተመለሰላት፤ ለበርበሬው ዶሮ ሰጠች፤ ለዶሮዋ በግ፤ ለበጉ በሬ። በመጨረሻ አንዷ ቤቷን ሰጠች፣ ሌላዋም ቤቷን ከነእህል ጎተራው መለሰች። እኔ አገሩን ስለቅ አንዷ በሌላዋ ቤት ተቀምጣ «ይሄ የጎረቤቴ ዛፍ ጥላውን ጣለብኝ» እያለች የገዛ ዛፏን ትከስ ነበር።

ሰዉ ውለታን እንደ ተስቦ ይሸሽ ጀመር። ገበያ ላይ አንዱ ካስነጠሰው አፉን በሁለት እጁ አፍኖ ይሮጣል፤ «ይማርህ» ያለው ሰው ቃጭል እንዳያስርበት። አንድ ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሰው ሲሰበሰብ «ማንም እንዳይነካኝ! እዚህ ተመችቶኛል!» ብሎ ጮኸ። ልንለምነው ሞከርን፤ አልወጣም አለ። በኋላ እዚያው ታች ሽንኩርት ተከለ።

በዚያ ላይ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት በአዋጅ ተከልክሎ ነበር። አዋጁን ያስነገረው ምስጋና መዛኙ ነው። ምስጋና መዛኝ የሚባለው ትልቅ ሚዛን በትከሻው ተሸክሞ የሚዞር ሹም ነው፤ ውለታና ምላሹን በሁለቱ ሳህኖች አስቀምጦ ይመዝናል። «እግዜር ይስጥልኝ ማለት የራስን ዕዳ ፈጣሪ ላይ መጫን ነው፤ ፈጣሪ ምን በደለ?» አለ። እውነት መሰለንና ተውነው። ከዚያ በኋላ ሰው ውሃ ሲሰጠው ዝም ብሎ ጠጥቶ አንገቱን ያቀርባል።

እንግዲህ በዚህ አገር ጋሽ ደረበ የሚባል ሰው ነበረ። ሁሉም ከውለታ ሲሸሽ እሱ ብቻ ውለታ ለመዋል ይሮጣል። ማንም ሳይነቃ ደጅህን ጠርጎ ቃጭል ይዞ ይጠብቅሃል። ወንዝ ዳር ቆመህ ውሃውን እያየህ ከሆነ አዝሎህ ይሻገራል፤ «ኧረ እኔ ቤቴ እዚያ ማዶ ነው፣ መልሰኝ!» ብትለው መልሶ ያሻግርህና ሁለት ቃጭል ያስርብሃል። ቸር ሰው ይመስላችኋል? ቆዩ። በአገሩ ሕግ ቃጭሉ ከሁሉ ይልቅ በብዙ ሰው አንገት ላይ የሚጮህለት ሰው «የአንገቶች አለቃ» ተብሎ ይሾማል። ደረበ ይህን ሹመት ከልቡ ፈልጎት ነበር፤ ቃጭሉም ሊሞላለት ምንም አልቀረው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ተሿሚው በበቅሎ ተቀምጦ ገበያውን መዞር አለበት። በአገሩ ደግሞ የነበረችው በቅሎ አንዲት ናት።

በቅሎዋ የእትዬ ይታክቱ ነበረች። እትዬ ይታክቱ የእኔ ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባት፣ አንደበቷ ቀጥ ያለ ሴት ናት። በቅሎዋን «እመይቴ» ብላ ነው የምትጠራት። ጧት ጧት «እመይቴ፣ እንዴት አደሩ?» ትላታለች፤ በቅሎዋ ጆሮዋን ታንቀሳቅሳለች፤ ይታክቱም «ተመስገን» ትላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ጨዋታ ማለት ይኸው ነበር።

ደረበ አንድ ቀን መጣና «እትዬ ይታክቱ፣ እመይቴን ስጪኝ» አላት።

«አልሰጥህም።»

«ምን ይጎድልብሻል? በቅሎ ናት እኮ!»

«አንተ ሰው ነህ፣ ታዲያ እናትህ ሰጥታሃለች?» አለችው። ሄደ።

ያን ሰሞን ክረምቱ ሊገባ ሲል ነፋስ መጣና የይታክቱን የሣር ክዳን ጠቅልሎ ወሰደው። ደቦ ልትጠራ አሰበች፤ ለደቦኞቹ ስለምትጠምቀው ጠላ እየተጨነቀች እያለ ጧት ስትወጣ ደረበ ሰዎች ይዞ ግድግዳው ላይ ወጥቶ ሣር ያለብሳል። እኔም በአጥሩ ላይ ሆኜ አይ ነበር።

«አንተ! ማን ጠራህ?» አለችው።

«ለጎረቤት ጥሪ ያስፈልጋል እንዴ?» አለ ከላይ፣ በጥርሱ ገመድ ነክሶ።

እሷ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ሰማዩ በሩቁ አጉረመረመ። አፏን ዘጋችና ወደ እኔ ዞር ብላ «እንዴት ነው፣ ጠበቅ አድርጎታል?» አለችኝ። «ይመስላል» አልኳት። ደረበ ከላይ «ብርድ ነው፣ ግቢ!» ብሎ ተቆጣት። ገባች። ክረምቱ ወረደ፤ እንደዚያ ዓመት የወረደ ዝናብ አላየሁም፤ የይታክቱ ቤት ግን ጠብ አላለባትም።

ዝናቡ ሲያባራ ደረበ ቃጭሉን ይዞ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ ካየኋቸው ቃጭሎች ሁሉ ትልቁ ነው፤ የድስት ክዳን ያህላል። አንገቷ ላይ አሰረውና «ምላሹ እመይቴ ናት» አለ። ይታክቱ ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። በአገሩ ደንብ ደግሞ ምላሹን ያልመለሰ ሰው ዳኛ ፊት ይቆማል። ቆመች።

ዳኛው ዳኛ አድማሱ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሲያስቡ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ ተኝተዋል ብሎ የሚያማቸው ነበር። ገበያው መሃል ተቀመጡ። ሰዉ ከነቃጭሉ መጣ፤ እንደ ከብት በረት ነው የሚንቃጨለው። እመይቴም ተጎትታ ቀረበች። ደረበ አዲስ ኮርቻ በትከሻው ተሸክሞ ነበር የመጣው፤ ከችሎት ቀጥታ ወደ ሹመቱ ሊሄድ።

ዳኛው ይታክቱን «ጣሪያውን ሥራልኝ ብለሻል?» አሏት።

«አላልኩም።»

«እንግዲያው ያልጠየቅሽው ነገር…» ሲሉ ሰዉ ደስ አለው። ብዙዎቻችን ያልጠየቅነውን ነው አንገታችን ላይ ያንጠለጠልነው።

ይታክቱ ግን እጇን አነሳች። «ቆይ ጌታዬ ዳኛ። አልጠየቅኩም፤ ግን ደግሞ አውርደው አላልኩም። ማለት እችል ነበር። አፌ አልጠፋም። ዝናቡ ሲመጣ ገባሁ፤ ከሥሩ ተቀምጬ የጠብታውን ድምፅ እየሰማሁ ደረበን መርቄዋለሁ። ተቀብያለሁ።»

እኔ «ኧረ አንቺ ሴት!» ብዬ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ማንም ሳይጠይቃት!

ደረበ ዘለለ። «ሰማችሁ? ተቀበልኩ አለች! የተቀበለ ይመልሳል!»

«መመለስ አለብኝ» አለች ይታክቱ። «የለብኝም መቼ አልኩ? የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያለብኝ እመይቴ ናት ወይ?»

ዳኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መዛኙ ይመዝን» አሉ።

ምስጋና መዛኙ ሚዛኑን ትልቅ ግንድ ላይ ሰቀለ። በአንዱ ሳህን ከጣሪያው የመጣ እቅፍ ሣር አስቀመጠ፣ «ሌላው በዚሁ ይታሰባል» ብሎ። በሌላው ሳህን ላይ እመይቴ ትቁም ተባለ። አትወጣም። ከኋላ ገፏት፤ ከፊት ጎተቷት። መዛኙ ራሱ ሆዷ ሥር ገብቶ ሊያነሳት ሞከረና ለትንሽ ጊዜ አጣነው። እመይቴ ሁሉንም በትዕግሥት ካየች በኋላ አንገቷን ወደዚያኛው ሳህን ዘረጋችና ሣሩን በላችው። ጨርሳ በላችው።

መዛኙ አቧራውን አራግፎ ባዶ ሳህኑን አየ። ሥራው ነውና መናገር ነበረበት። «ጣሪያውን የተቀበለችው በቅሎዋ ናት» አለ። «ቃጭሉ ወደ እሷ ይዙር።»

ከሴትዮዋ አንገት ፈትተው በበቅሎዋ አንገት አሰሩት። እመይቴ ጭንቅላቷን ነቅነቅ አድርጋ ድምፁን ሰማች፤ ደስ ሳይላት አልቀረም።

«እንዲያውም ጥሩ!» አለ ደረበ። «ባለዕዳዋ እሷ ከሆነች ራሷን ትስጠኝ!» ብሎ ኮርቻውን ጀርባዋ ላይ ጣለው። ኮርቻው ቁጭ አለ። ልጆቼ፣ እንዴት ያለ መቀመጥ መሰላችሁ! እመይቴ ግራ ጎኗ ላይ የድሮ ቁስል የተወው እብጠት አለባት፤ እኔ ጎረቤቷ እንኳ ረስቼዋለሁ። ኮርቻው ግን አልረሳውም። ልክ በዚያ ቦታ ጎድጎድ ብሎ ተሰፍቷል።

ዳኛው ዓይናቸውን ገለጡ። «ይህን ኮርቻ የሰፋው ማነው?»

ከሰዉ መሃል አንድ ቃጭል ተንቀጠቀጠ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ የደረበ ቃጭል ነው፣ ያለው ደግሞ በኮርቻ ሰፊው በአያ ወንድይራድ አንገት ላይ ነው።

«በቅሎዋን የለካሃት መቼ ነው?» አሉት ዳኛው።

ወንድይራድ መሬት መሬት ያያል። ደረበ ቀደመና «ወንድይራድ!» አለ፤ «እናትህ የታመሙ ጊዜ እስከ ሐኪሙ ቤት በጀርባው አዝሎ ያደረሳቸው ማነው?»

«አንተ ነህ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

ያኔ በገበያው አንድም ቃጭል አልጮኸም። እያንዳንዱ ሰው የገዛ አንገቱን በእጁ ይዟል።

ወንድይራድ ቀና አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ጋሼ፣ እናቴን አድነህልኛል። ይህን አልክድም። ብትታመም አዝልሃለሁ፣ ቤትህ ቢቃጠል በባዶ እግሬ እገባልሃለሁ። ሐሰት ግን ከየት አምጥቼ ልስጥህ? ብሰጥህ የምከፍለው እኔ አይደለሁም፤ እትዬ ይታክቱ ናት። የኔን ውለታ በሷ በቅሎ ልመልስ?» ወደ ዳኛው ዞረ። «የለካኋት ነፋሱ ጣሪያውን ከመውሰዱ በፊት ነው። ገበያ ላይ፣ የማቅፋት መስዬ፣ በገመድ። ጋሽ ደረበ ‹ክረምቱ ይውጣ እንጂ የኔ ናት› ብሎኛል።»

«ጣሪያውን የወሰደው ነፋስ ነው እኮ፣ እኔ አይደለሁም!» አለ ደረበ።

«ነፋሱን አንከስም» አሉ ዳኛው። «ስማኝ ደረበ። ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ ነገር ውለታ አይባልም፣ ንግድ ነው። ንግድም ከሆነ ደግሞ ገዢዋ ዋጋውን ሳትሰማ ገዝታለች አይባልም። ብትነግራት ኖሮ ‹ውረድ› ትልህ ነበር። በቅሎዋ የሴትዮዋ ናት። ቃጭሉም ይውለቅ።»

እልል ተባለ። የሚያወልቅ ሰው ወደ እመይቴ ሲጠጋ ግን ይታክቱ «ተወው» አለች።

ዳኛው «እንዴት? ዕዳ የለብሽም አልኩ እኮ» አሉ።

«የበቅሎ ዕዳ የለብኝም። ጣሪያው ግን አላፈሰሰም ጌታዬ። ደረበ ምን አስቦ እንደሠራው እሱና ልቡ ይወቁት። ደግሞ እዚያ ላይ የወጣው ለበቅሎ ብቻ አይመስለኝም፤ እኔን ‹ብርድ ነው፣ ግቢ› ብሎ ሲቆጣኝ ሰምቼዋለሁ። በደረቅ መሬት የተኛሁት እኔ ነኝ፣ ይህን የማስታውሰውም እኔው ነኝ። ሲቸግረው እደርሳለሁ። በምን እንደምደርስ ግን እሱ አይመርጥልኝም።»

መዛኙ ግራ ገባው። «ይህ በምን ይመዘናል?»

«አይመዘንም፣ መጠየቅህን ተው!» አለችው።

ደረበ ሳቀ፤ የመረረ ሳቅ። «እኔን? እኔን ምን ይቸግረኛል?» ብሎ ኮርቻውን ተሸክሞ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ሰው ሁሉ «እኔንስ ምኔን ለክቶ ይሆን?» ማለት ጀመረ። ቃጭሉን እያወለቀ ደረበ ደጃፍ ጣለለት። እውነት ለመናገር፣ በጣም ነበር የቸኮሉት። ወንዝ ያሻገረው ብቻ ሳይሆን በእርግጥ የረዳው ሰውም አብሮ አወለቀ። ያላወለቀ ወንድይራድ ብቻ ነው። የደረበ ደጅ የቃጭል ክምር ሆነ፤ ሹመቱም ቀረ።

ደረበ ቃጭሎቹን ለሠራቸው አንጥረኛ ሊመልስ ወሰነ። አንጥረኛው የሚኖረው ከረግረጉ ማዶ ነው። እንደ ልማዱ ሰው ለመለመን ስላልፈለገ ሁሉንም ቃጭል በገመድ ሰክቶ ራሱ ላይ ጠመጠመው፤ አንገቱ ላይ፣ ወገቡ ላይ፣ ክንዱ ላይ። ረግረጉ መሃል ሲደርስ መስመጥ ጀመረ።

እኔ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። የአገሩ ውለታ ሁሉ በአንድ ቦታ ሲጮህ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ስለማላውቅ ተነስቼ ሮጥኩ፤ ሰዉም ሮጠ። ደረስን። ደረበ እስከ ደረቱ ገብቷል።

ወንድይራድ ልብሱን እያወለቀ ሊገባ ሲል ደረበ ጮኸ። «እንዳትነኩኝ! ማንም እንዳይረዳኝ! ደህና ነኝ!»

«ጋሼ፣ እየሰጠምክ ነው!»

«ይሁን! ምን ልመልስልህ? ምን ቀረኝ?» ልጆቼ፣ ያኔ ነው የገባኝ፤ ይህ ሰው በሕይወቱ ሙሉ አንድም ቃጭል አንገቱ ላይ ታስሮበት አያውቅም። መስጠት እንጂ መቀበልን አልተማረም። ፈርቷል። ጭቃውን አይደለም፣ እኛን ነው የፈራው። ወንድይራድ ቢገባም እጁን እየገፈተረ ጭራሽ ወደ ጥልቁ ሸሸ።

በዚህ መሃል አንድ ወፍራም ቃጭል ከኋላችን መጣ። እመይቴ ናት። ይታክቱ ገመዱን ከበቅሎዋ ጋር አስራ ሌላውን ጫፍ ወረወረችለት። ፊቱ ላይ ወደቀ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ደረበ። «አስቀድመሽ ንገሪኝ!»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ነገር የለም!»

«ደረበ፣ ጢምህ ጭቃ ገባ።»

«ዋጋውን ንገሪኝ አልኩሽ!»

«ስማ» አለች፣ ጭቃው ዳር ቁጢጥ ብላ። «እኔ ያን ቀን አፌን ዘግቼ ቤት ስገባ ቀላል መሰለህ? ከአንተ መቀበል! ሞት ነው የመሰለኝ። ግን ዝናቡ እየመጣ ነበር፣ ገባሁ። አሁን አንተም ያዝ።»

ደረበ አያት። ቃጭሎቹ አንድ በአንድ ጸጥ እያሉ ነው፣ ጭቃ እየሞላባቸው። ከዚያ ገመዱን ያዘ። እመይቴ ያለማንም ግፊያ ራሷ ጎተተች፤ ወንድይራድም ከኋላ ገፋ። ጭቃው ያንን ሁሉ ቃጭል ከላዩ ላይ ገፈፈና ዋጠው፤ ደረበን ብቻ ለቀቀልን፣ ያለ ሱሪው።

ደረበ ዳር ላይ ተንበረከከ፤ የወንድይራድን ኩታ ለብሶ። አንገቱን አጎነበሰ። ጠበቀ። በጣም ጠበቀ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ይታክቱ።

«ቃጭልሽን እየጠበቅኩ ነው።»

«የምን ቃጭል? ያለኝ ያንተው ነው፣ እሱንም እመይቴ ወዳዋለች።»

«እንግዲያው… ጣሪያው በጭቃው ተጣፋ ማለት ነው?»

«አይ፣ ምኑ ይጣፋል? ጣሪያው እዚያ አለ፣ አንተ እዚህ አለህ። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ደረበ አንገቱን ቀና ለማድረግ አቃተው፤ ውለታ ተቀብሎ ያለ ቃጭል ቀና ማለት እንዴት እንደሆነ የጠፋው መሰለ።  ከዚያ በአዋጅ የተከለከለውን ቃል፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያላነሳውን፣ በቀጭን ድምፅ አወጣው።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ሁላችንም ወደ ዳኛው ዞርን። ዳኛ አድማሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ወደ መዛኙ ዞርን። መዛኙ ሚዛኑን ቤቱ ረስቶት መጥቷል።

ይታክቱ ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካከለችለት። «አብሮ ይስጠን» አለችው።

ሥራዬ በዚህ አበቃ። የሚሰማ ቃጭል ጠፋ፤ ሰዉ ቀስ በቀስ አወለቀና ሲረዳዳ አፉን መጠቀም ጀመረ። የሚረሳም ሰው አልጠፋ፣ አልዋሻችሁም፤ የሚያስታውሰው ግን አንገቱ ስለሚያሳክከው አልነበረም። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰውዬ እንዲወጣ ሄደን ስንነግረው «ሽንኩርቱ ይድረስና» አለን። ሲደርስ ለሁላችንም አቀበለን፤ ከዚያ እጁን ዘረጋ፣ አወጣነው።

እኔ ያለ ሥራም ቢሆን ድንጋዬ ላይ መቀመጤን አልተውኩም። ክረምቱ እንደገና ሊገባ ሲል አንድ ጧት ደረበ ሣር ተሸክሞ ሲያልፍ አየሁት። ተከተልኩት። የይታክቱ ጣሪያ በአንድ በኩል ሳስቷል። ደረበ አጥሩ ጋ ደረሰ፤ ግድግዳው ላይ አልወጣም። ሸክሙን አወረደ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ከበሩ ውጭ ቆሞ ተጣራ።

«ቤቶች! እትዬ ይታክቱ! ልግባ ወይ?»

 እመይቴ ቃጭሏን አንድ ጊዜ ነቀነቀች።

«ግባ» አለች ይታክቱ። «ግባ፣ ቁርስ ደርሷል።»